ሦስተኛው ለምን ይከስማል? የአብላጫ ድምፅ ምርጫና ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች

 

ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 ድረስ እኛ እዚህ እሥራኤል ውስጥ አምስት ጊዜ ለክኔሴት መርጠናል። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ አምስት ምርጫ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ አንድ ጥያቄ ሲያነሳ ትሰሙ ነበር። «እንግሊዝ አገር ሁለት ትልልቅ ፓርቲ ነው ያለው፤ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ አለቀ። እኛስ ለምን እንደዚያ አንሆንም?» የሚል።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስም አይደለም። ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ራሳቸው አገሪቱ በምርጫ ወረዳ ተከፋፍላ እንደ እንግሊዝ እንድትመርጥ ብዙ ታግለዋል፤ ግን አልተሳካላቸውም። ዛሬ የማወራችሁ ያ ዓይነት ምርጫ ፓርቲዎችን ወደ ሁለት የሚገፋው በምን መንገድ እንደሆነ ነው። መንገዱን ካወቅን ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ይቀለናል።

በመጀመሪያ ሥርዓቱን እንየው። አገሩ በብዙ የምርጫ ወረዳዎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ወረዳ ወደ ፓርላማ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም፤ ከሌሎቹ እጩዎች አንድ ድምፅ ከበለጠ ይበቃዋል። ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። ሦስተኛውም ምንም አያገኝም። በአማርኛ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ድምፅ የሰጣችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ያስቀመጠው ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ወረዳ በሐሳባችን እንሥራ። 10,000 መራጭ አለ፤ ሦስት ፓርቲ ይወዳደራል። ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ እንበላቸው። ድምፁ ሲቆጠር ሰማያዊ 4,000፣ ቀይ 3,400፣ ቢጫ 2,600 አገኙ። ወንበሩን የወሰደው ሰማያዊ ነው። ልብ በሉ፤ ከ10,000 ሰው 6,000ው ሰማያዊን አልመረጠም። ቢሆንም ወንበሩ የሰማያዊ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይከተላል። ሁለቱን ለይተው ያስረዱት ሞሪስ ዱቨርዤ የሚባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ናቸው፤ ስለ ፓርቲዎች የጻፉት መጽሐፍ በ1951 ነው የታተመው። የመጀመሪያው ነገር የሒሳቡ ነው። ቢጫ ከአራት ሰው አንዱን፣ እንዲያውም ትንሽ ከዚያ በላይ ይዞ፣ እጁ ላይ የቀረው ባዶ ነው። ይህ በአንድ ወረዳ ብቻ ሳይሆን በየወረዳው ቢደገም ቢጫ በመላው አገር ሩቡን ድምፅ ይዞ ፓርላማ ውስጥ ላይታይ ይችላል።

ሁለተኛው በሰው ልብ ውስጥ የሚሆነው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ምርጫ ይመጣል። የቢጫ ደጋፊ እቤቱ ቁጭ ብሎ ያስባል። «ባለፈው ቢጫን መረጥኩ፤ ቢጫ አላሸነፈም። ከሁሉ የምጠላው ሰማያዊ ግን ገባ። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። ቀይን ባልወደው እንኳ ከሰማያዊ ይሻለኛል።» ይልና ለቀይ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው አንድ ሰው አይደለም። ከ2,600ዎቹ 1,700ው ወደ ቀይ ሄዱ እንበል፤ 300ው ደግሞ ወደ ሰማያዊ። አሁን ቀይ 5,100፣ ሰማያዊ 4,300፣ ቢጫ 600 ሆኑ። ቢጫ አቋሙን አልቀየረም፤ እጩውም መጥፎ ሰው አልነበረም። የከሰመው ሰዎች «አያሸንፍም» ብለው ስላሰቡ ነው። ስላሰቡም እውነት ሆነ።

ይህ ሐሳብ በመራጩ ዘንድ ብቻ አይቆምም። ገንዘብ የሚያዋጣው ሰው ያንኑ ያሰላል። ፖለቲካ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ጎበዝ ወጣት ያንኑ ያሰላል፤ «በቢጫ ብወዳደር ዕድሜዬን እፈጃለሁ» ይላል። ስለዚህ ቢጫ በሚቀጥለው ምርጫ ያነሰ ገንዘብና የደከሙ እጩዎች ይዞ ይቀርባል። በብዙ ወረዳ እጩ ማቅረብም ያቅተዋል።

ይህ ነገር በአንድ ወረዳ ውስጥ እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጋሪ ኮክስ የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁር ቀላል መለኪያ አላቸው። የሦስተኛውን ድምፅ ለሁለተኛው ድምፅ ማካፈል ነው። በመጀመሪያው ምርጫችን 2,600 ለ3,400 ሲካፈል 0.76 ገደማ ይመጣል። በሁለተኛው 600 ለ4,300 ሲካፈል 0.14 ገደማ ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሰዎች ሦስተኛውን ትተውታል ማለት ነው። ወደ አንድ ከቀረበ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራርበዋል፤ መራጩ «የቱን ልተው?» የሚለውን መለየት አልቻለም። እንዲህ ሲሆን ሦስቱም ለጊዜው ይቆያሉ። ይህን አስታውሱልኝ፤ አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ይመጣል።

ታሪኩ የእንግሊዝ ሊበራል ፓርቲ ታሪክ ነው። በ1906 ሊበራሎች 397 ወንበር ይዘው አገሩን ይገዙ ነበር። ተቃዋሚያቸው ኮንሰርቫቲቭ ነበር። ሌበር፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ፣ ያኔ ገና ሕፃን ነው፤ 29 ወንበር ነበረው።

ያንን 29 ራሱ ያገኘው እንዴት ነው? በስምምነት ነው። በ1903 የሊበራሉ ኸርበርት ግላድስቶንና የሌበሩ ራምዜ ማክዶናልድ በምስጢር ተነጋገሩ። በተወሰኑ ወረዳዎች አንዳቸው በሌላቸው ላይ እጩ እንዳያቆሙ ተስማሙ። ምክንያቱ ያው በ10,000 ሰው ያየነው ሒሳብ ነው። ሁለቱ ድምፅ ከተከፋፈሉ ወንበሩ የኮንሰርቫቲቭ ይሆናል። ሊበራሎች በዚያ ስምምነት ምርጫውን አሸነፉ፤ ግን ሦስተኛውን በራሳቸው እጅ በር ከፍተው አስገቡት።

ከዚያ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ሊበራሎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ከአስኩዊዝ ጋር፣ ግማሹ ከሎይድ ጆርጅ ጋር ሆነ። በ1918 ደግሞ የመምረጥ መብት ሰፍቶ የመራጩ ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ተቃረበ። ብዙ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ለሊበራል የመምረጥ ልማድ ያልነበረው ሰው ብዙ ነው። ሌበር በ1922 ሊበራሎችን ቀደመ።

የ1923ቱን ምርጫ ግን ጠጋ ብለን እንየው። ሊበራሎች እንደገና ታርቀው አንድ ሆነዋል። ኮንሰርቫቲቭ በመቶ 38 አገኘ። ሌበር 30.7 አገኘ። ሊበራል 29.7 አገኘ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ በመቶ ነው! ወንበሩ 258፣ 191 እና 158 ሆነ። በመላ አገሩ ሲታይ የኮክስ ቁጥር ወደ አንድ የቀረበበት ጊዜ ይህ ነው። ማን ሁለተኛ እንደሆነ ገና አልለየም።

የለየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በጃንዋሪ 1924 ሌበር በሊበራሎች ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት መሠረተ። አስቡት፤ ሊበራሎቹ በሌበር ላይ እምነት ሰጥተው ሥልጣን ላይ አወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መራጩ ጥያቄው ተመለሰለት። ሌበርን የሚፈራ ሰው «ሌበርን ማቆም የሚችለው ማነው?» ብሎ ወደ ኮንሰርቫቲቭ ሄደ። ኮንሰርቫቲቭን የሚጠላ ሰው ደግሞ «መንግሥት ሊሆን የሚችለው ሌበር ነው» ብሎ ወደ ሌበር ሄደ። ሊበራሎች ገንዘብም አልቆባቸው ስለነበር ካለፈው ዓመት ከመቶ በላይ ያነሱ እጩዎችን አቀረቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርጫ ሲደረግ ከ158 ወንበር ወደ 40 ወረዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ!

አልተኙም፤ ታግለዋል። በ1929 ሎይድ ጆርጅ ገንዘብም ጥሩ ፕሮግራምም ይዘው መጡ። ፓርቲው በመቶ 23.6 ድምፅ አገኘ። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ይቻላል። ከ615 ወንበር ያገኘው ግን 59 ነው፤ አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ያየ መራጭ ምን ብሎ ይመለሳል? በ1951 ሊበራሎች እጩ ማቅረብ የቻሉት በ109 ወረዳ ብቻ ነበር። ያገኙት 6 ወንበር ነው። ከስድስቱ ሁለቱ፣ በሃደርስፊልድና በቦልተን ከተሞች የተገኙት፣ ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ተስማምተው ነው። አንድ ከተማ ሁለት ወረዳ አለው፤ «አንዱን ለእናንተ፣ አንዱን ለእኛ» ተባባሉ። በ1903 ሊበራሎች ለሌበር የከፈቱለትን ዓይነት በር አሁን ሌላው ለእነሱ ከፈተላቸው። በዚያ ምርጫ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንድ ላይ ከመቶ ወደ 97 ድምፅ ወሰዱ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሌበርም አንድ ጊዜ ሦስተኛ ነበረ። እሱ ሳይከስም ሊበራል ለምን ከሰመ?

መልሱ ሰዎቹ የሚኖሩበት ቦታ ላይ ነው። የሌበር ደጋፊ በድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደሮችና በፋብሪካ ከተሞች ተሰብስቦ ይኖር ነበር። በመላ አገሩ ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ በዚያ ወረዳ ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ እዚያ አንደኛ ይወጣል። የሊበራል ደጋፊ ግን በየቦታው ተበትኗል፤ እዚህም ሃያ፣ እዚያም ሃያ አምስት በመቶ። በየቦታው ሁለተኛና ሦስተኛ መውጣት በዚህ ሥርዓት ምንም አያስገኝም።

ይህ ከ60 ዓመት በኋላ እንደገና ታየ። በ1983ቱ ምርጫ ሊበራሎች ከሌበር ተገንጥሎ ከወጣው ከሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ጋር በኅብረት ተወዳደሩ። ኅብረቱ በመቶ 25.4 አገኘ። ሌበር 27.6 አገኘ። ሁለት በመቶ ገደማ ነው ልዩነቱ። ወንበሩ ግን፣ ከ650ው፣ ሌበር 209፣ ኅብረቱ 23! ድምፁ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ወንበሩ ግን አንድ ለዘጠኝ ነው። አንዱ ተሰብስቧል፣ አንዱ ተበትኗል።

እንግዲህ የዱቨርዤን ነገር በሁለት ቦታ መገደብ አለብን፤ አለዚያ ያላለውን እናስብላለን።

አንደኛ፣ ሥርዓቱ ወደ ሁለት የሚገፋው በየወረዳው ነው። ሁለቱ በየቦታው አንድ ዓይነት ፓርቲ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። በ2015 የስኮትላንድ ብሔርተኛ ፓርቲ በስኮትላንድ ብቻ ተወዳድሮ ከ59 ወንበር 56ቱን ወሰደ። በመላ ብሪታንያ ሲሰላ ድምፁ ከመቶ 5 አይሞላም። በዚያው ምርጫ ዩኪፕ የሚባለው ፓርቲ በመቶ 12.6 አግኝቶ አንድ ወንበር ብቻ ደረሰው። ካናዳና ህንድም ያንኑ ሥርዓት ይዘው ብዙ ፓርቲ አላቸው፤ ምክንያቱም በአንድ ክፍለ አገር የሚፋለሙት ሁለቱ በሌላው ክፍለ አገር ከሚፋለሙት ሁለቱ ይለያሉ። በ2024 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ መራጭ ሁለቱን ትልልቆች ትቶ ተበተነ። ሌበር በመቶ 33.7 ድምፅ ብቻ ይዞ ከ650 ወንበር 411 አገኘ። ስለዚህ ሕጉ የሚገፋ ነፋስ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ውድድሩ ክፍት መሆን አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚ ድርጅቶች ተሰባስበው ቅንጅትና ኅብረት ሆነው ቀረቡ። በአንድ ወረዳ አምስት ተቃዋሚ ቢቆም ማን እንደሚጠቀም ስለገባቸው ነው፤ ይህ ሥርዓቱ የሚገፋው ነገር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ከ547 ወንበር ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆኑ። ሁለተኛው ተወዳዳሪ በነፃነት መቆም ካልቻለ ሁለት ፓርቲ አይወጣም፤ አንድ ነው የሚወጣው። የወንበር አቆጣጠሩ ደግሞ የአንዱን ብልጫ ይበልጥ ያገዝፈዋል።

አሁን ወደ እሥራኤል እንምጣ። እዚህ አገሩ በሙሉ አንድ ወረዳ ነው፤ 120 ወንበር በድምፁ መጠን ይከፋፈላል። ስለዚህ ሦስተኛም፣ አምስተኛም፣ ስምንተኛም ፓርቲ ወንበር ያገኛል። ቢሆንም ያ የልብ ሒሳብ እዚህም አለ፤ አሁዝ ሃሐሲማ የምንለው 3.25 በመቶ ላይ። በ2022 ሜሬጽ 3.16 በመቶ አግኝቶ ወደ 4,000 ድምፅ ስለጎደለው ከክኔሴት ወጣ። ከምርጫ በፊት «ለትንሽ ፓርቲ አትስጥ፣ ድምፅህ ይባክናል» ሲሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። በአብላጫ ሥርዓት ግን ይህ ፍርሃት በ3 በመቶ ሳይሆን በ30 በመቶ ላይ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ «እንደ እንግሊዝ እንሁን» የሚል ሰው ሲመጣ ለእኛ ማኅበረሰብ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ እንየው። አገሩ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው አለው። ለ120 ወረዳ ቢካፈል አንድ ወረዳ ከ80,000 ሰው በላይ ይይዛል ማለት ነው። እኛ ከጠቅላላው ሕዝብ ሁለት በመቶ እንኳ አንሞላም፤ በነታንያ፣ በረሆቦት፣ በአሽኬሎን፣ በሌላም ከተማ ተበትነናል። ቂርያት ማልአኺን የመሰለ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ከተማ እንኳ ብቻውን አንድ ወረዳ አይሞላም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ነው የሚቀላቀለው። በየትኛውም ወረዳ አብላጫ አንሆንም። እንደ ሊበራሎቹ የተበተንን ነን እንጂ እንደ ማዕድን መንደሮቹ የተሰበሰብን አይደለንም።

ዛሬ የእኛ ሰው ክኔሴት የሚገባው በፓርቲ ዝርዝር ነው። አዲሱ መሰለ በ1996 በአቮዳ ዝርዝር እንደገቡት ማለት ነው። ዝርዝር የሚያዘጋጅ ፓርቲ አሥርና ሃያ ስም ስለሚጽፍ ከየወገኑ ሰው ማስገባት ይችላል፤ ካላስገባም ይጠየቃል። አንድ ወረዳ ግን አንድ ስም ብቻ ነው። በየወረዳው ያለው ኮሚቴ «ብዙ ድምፅ የሚያመጣው ማነው?» ብሎ አንድ ሰው ሲመርጥ ከአናሳ ወገን የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ይቀራል።

የሚያስገኘውንም ላለመደበቅ፣ ሁለት ነገር አለ። አንዱ፣ እያንዳንዱ ሰው «የእኔ ተወካይ እገሌ ነው» ብሎ በር የሚያንኳኳበት አንድ ሰው ይኖረዋል። ሁለተኛው፣ ፉክክሩ ጠባብ በሆነበት ወረዳ፣ ሁለቱ ትልልቆች በ2,000 ድምፅ በሚለያዩበት ቦታ፣ ተባብረው የሚመርጡ 3,000 ሰዎች ውጤቱን ይወስናሉ። ሁለቱም እጩዎች ይለምኗቸዋል። ፉክክር በሌለበት ወረዳ ግን፣ አንዱ በሰፊው በሚያሸንፍበት ቦታ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ምርጫ ሕግ ለውጥ ክርክር ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወረዳው ስንት ወንበር አለው? መስመሩን የሚያሰምረው ማነው? እጩውን የሚመርጠውስ ማነው? አንድ ወረዳ አንድ ወንበር ሲኖረው የሚሆነውን አይተናል። አምስት ወይም አሥር ወንበር ሲኖረውና በድምፁ መጠን ሲከፋፈል ግን ሦስተኛውም አራተኛውም ቦታ ያገኛል። «ወረዳ» የሚለው ቃል አንድ ነው፤ የሚሰጠው ውጤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።